ጠብታው ጆሮዋን ካደረቀው ቀዶ ሕክምናው ለምን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ግራ ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይመግላል። ሽታው ስለሚያሳፍራት ክፍል ውስጥ ኋላ ነው የምትቀመጠው። ጠብታ ስናደርግላት ይደርቃል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመለሳል። አያማትም። በቅርቡ አንገት በላይ ሐኪም አይቷት ኮሌስቲያቶማ ነው አለን። መስማቷ ሲለካ ቀኙ ደህና ነው፣ ግራው 45 ዴሲቤል ነው ተባለ። ሲቲ ስካን ተነሥታ ደግሞ መስፍ የምትባል የጆሮ አጥንት ተበልታለች፣ የጆሮዋ ጣሪያ ሳስቷል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉን። ባለቤቴ «ጠብታው ካደረቀው ምን ያስቀድዳታል? ለዚያውም ለአንጎል የቀረበ ቦታ» ይላል። አማቴ ጠበል ይሻላታል ይላሉ። እኔ ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ኮሌስቲያቶማ ጆሮ ውስጥ የገባ ቆዳ ነው አሉን፤ ቆዳ እንዴት አጥንት ይበላል? አሁን ጆሮዋ ደርቋል። ትምህርት እስኪዘጋ ሦስት ወር ነው የቀረው፤ ብንቆይስ?

እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሣዎት ልጀምር። ካንሰር አይደለም። በደም ተወስዶ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አይወጣም። ከልጅዎ ታምቡር ጀርባ ያለው ነገር ክንዳችን ላይ እንዳለው ያለ ተራ ቆዳ ነው። ችግሩ የገባበት ቦታ ነው። ቆዳ ሊኖርበት የማይገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቷል፣ እዚያም መውጫ አጥቶ እያደገ ነው። ካንሰር አለመሆኑ ግን ይቆይ ማለት አይደለም። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳዎት፤ ባለቤትዎም አብረው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የእሳቸው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና።

ታምቡር በውጭ በኩል በስስ ቆዳ የተሸፈነ ነው። ይህ ቆዳ እንደማንኛውም ቆዳ ሁልጊዜ ይታደሳል፤ የላይኛው ሽፋን ይሞታል፣ ከሥር አዲስ ይተካል። ሌላው ሰውነታችን ላይ የሞተው ቆዳ ስንታጠብና ልብስ ሲነካው ይረግፋል። ጆሮ ውስጥ ግን የሚያራግፈው ነገር የለም። ስለዚህ የጆሮ ቆዳ ሌላ ቦታ የማይታይ ጠባይ አለው። ከታምቡሩ መሃል ተነሥቶ ወደ ውጭ ይጓዛል፣ በቀን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል። የሞተውን ሽፋን ከኩክ ጋር ይዞ ይወጣል። ጤነኛ ጆሮ ራሱን የሚያጸዳው በዚህ መንገድ ነው።

ከታምቡሩ ጀርባ ደግሞ በአየር የተሞላ ትንሽ ክፍል አለ። መሃለኛ ጆሮ የምንለው እሱን ነው። አየሩ የሚገባለት ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሣ ቀጭን ቱቦ ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ሲወርዱ ጆሮዎ ድፍን ይልና ምራቅ ሲውጡ ይከፈት የለ? የተከፈተው ያ ቱቦ ነው። በሕፃናት ላይ ቱቦው አጭርና አግዳሚ ነው። ጉንፋን ሲደጋገም ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ሲያብጥ በቀላሉ ይዘጋል። ተዘግቶ ሲከርም ውስጥ የነበረው አየር እየተመጠጠ ያልቅና ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ታምቡሩ ሁሉ እኩል ጠንካራ አይደለም። ላይኛው ጫፉ ላይ ልል የሆነች ትንሽ ክፍል አለች። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምትሳበው እሷ ናት። እየተሳበች እየተሳበች አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ኪስ ትሆናለች። ኪሱ ከውስጥ የተሸፈነው በዚያው የታምቡር ቆዳ ነው። ቆዳው መታደሱን አያቆምም፤ የሞተው ሽፋን ግን በጠባቡ አፍ መውጣት አይችልም። እዚያው ይጠራቀማል። ቀዶ ሕክምና ላይ ስንከፍተው ነጭ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በላይ በላዩ የተነባበረ ነገር ነው የምናገኘው። ኮሌስቲያቶማ የምንለው ይህንኑ ኪስ ነው። (ታምቡሩ ጠርዙ ላይ ሲቀደድ ቆዳ በቀዳዳው ሾልኮ የሚገባበት ጊዜም አለ። አብሮ የሚወለድም አለ፤ እሱ ግን ጥቂት ነው።)

እንግዲህ ቆዳ አጥንት እንዴት እንደሚበላ።

የተጠራቀመው ነገር እያበጠ ዙሪያውን መግፋቱ አንድ ድርሻ አለው። ዋናው ግን ግፊቱ አይደለም። አጥንት ሕያው ነገር ነው። አጥንት የሚገነቡ ሕዋሳት አሉ፣ አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳትም አሉ። በጤናማ ሰው ሁለቱ ተመጣጥነው ይሠራሉ፤ አሮጌው ይሟሟል፣ አዲሱ ይገነባል። አሁን ልጅዎ ጆሮ ውስጥ ያለውን ኪስ ያስቡት። ሙቅ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አየር አይደርስበትም፣ በሞተ ቆዳ የተሞላ ነው። ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም። ያ የሚያሳፍራት ሽታ ልጅቷ ስላልታጠበች የመጣ አይደለም፤ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሞተውን ቆዳ ሲያበሰብሱት የሚወጣ ጠረን ነው። ይህን ለእሷ በግልጽ ይንገሯት። ብዙ ልጆች በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ።

ባክቴሪያዎቹ የኪሱን ግድግዳና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ያስቆጡታል። የተቆጣው ሥጋ የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች አጥንት አሟሚዎቹን ሕዋሳት ይቀሰቅሷቸዋል፣ ያበዟቸዋል። እነሱም አሲድና ኢንዛይም እያፈሰሱ ኪሱ የነካውን አጥንት ያሟሙታል። ገንቢዎቹ ሊደርሱባቸው አይችሉም። ስለዚህ አጥንቱን የሚበላው በቀጥታ ቆዳው አይደለም። ቆዳው የማያቋርጥ ቁጣ ይፈጥራል፣ የገዛ አካሏ ሕዋሳት አጥንቱን ያሟሙታል። ጆሮው በሚመግልበት ጊዜ ሥራው ይፈጥናል፤ ሲደርቅ ይቀዘቅዛል፣ ግን አይቆምም። ልጆች ላይ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ የማደግ ጠባይ አለው።

መጀመሪያ መስፍ የተበላችው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። መሃለኛ ጆሮ ውስጥ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። የታምቡሩን ንዝረት ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሳልፋሉ። የመስፍ ረጅሟ እግር ቀጭን ናት፣ የሚደርሳት ደምም ጥቂት ነው፣ ለኪሱም ቅርብ ናት። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ስለ 45 ዴሲቤሉ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ በኋላ የሚደነግጠው በዚህ ነውና። ጤነኛ ጆሮ ከ20 እስከ 25 ዴሲቤል ያለውን ድምፅ መስማት አለበት። 45 ማለት ልጅዎ በግራ ጆሮዋ ብቻ ብትሰማ ቀረብ ብለው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ካልተናገሩ በቀር ብዙ ይዘላታል ማለት ነው። ነገር ግን መስፍ ተበልታ ሰንሰለቱ ከተቆረጠ የመስማት ጉድለቱ ከዚህም ሊብስ ይችል ነበር፤ እስከ 60 ገደማ የሚደርስ አለ። ታዲያ እንዴት 45 ላይ ቆመ? አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ኮሌስቲያቶማው ራሱ ክፍተቱን ሞልቶ ድምፁን እያሸጋገረላት መሆኑ ነው። ይህ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ሲወጣ መስማቷ ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል። ሐኪሙ አበላሸባት ማለት አይደለም። ቀድመው ይወቁት፣ ለእሷም ይንገሯት።

ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ ልምጣ። ጠብታው ለምን ያደርቀዋል? ጠብታው፣ ብዙውን ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፣ የደረሰበትን ባክቴሪያ ይገድላል። የታምቡሩ ገጽታና የኪሱ አፍ አካባቢ ያለው ቁጣ ይበርዳል፣ መግሉ ይቆማል። ሆኖም በዚያ ጠባብ አፍ አልፎ ንብርብሩ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። የሚዋጥ መድኃኒትስ? እሱ የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ቆዳ ውስጥ ደግሞ ደም ሥር የለም። ስለዚህ ንብርብሩ ውስጥ የቀረው ባክቴሪያ ወር ሁለት ወር ቆይቶ እንደገና ይበዛል። ልጅዎ ላይ በየጊዜው የሚመላለሰው ይኸው ነው። የሞተውን ቆዳ የሚያሟሟ ወይም ኪሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚዋጥም፣ የሚጨመርም። የደረቀው መግሉ ነው፤ ኪሱ ግን እዚያው አለ።

አለማመሟም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሌላው የጆሮ ኢንፌክሽን የሚያመው ታምቡሩ ከውስጥ በመግል ሲወጠር ነው። እዚህ መግሉ በቀላሉ ስለሚፈስ ውጥረት የለም። አጥንት ሲሟሟ ደግሞ ስሜት አይሰጥም። እንዲያውም ለዓመታት ሳያመው የኖረ ኮሌስቲያቶማ ድንገት ማመም ከጀመረ እኛ የምንደነግጠው ያኔ ነው።

ለአንጎል ቅርብ ነው ያሉት እውነት ነው። የመሃለኛ ጆሮ ጣሪያ ስስ አጥንት ነው፤ ከእሱ በላይ የአንጎል ሽፋን ነው ያለው። የልጅዎ ሲቲ ላይ «ሳስቷል» የተባለው ይህ ጣሪያ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚደረግላትም ነገሩ ለአንጎል ቅርብ ስለሆነ ነው። ኪሱ ጣሪያውን ከበሳው ባክቴሪያው ማጅራት ገትር ሊያመጣ ወይም አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ወደ ጎን ከሄደ የሚያገኘው የሚዛን ቦዮችን ነው፤ አንዱን ከሸረሸረው ልጅቷን ያዞራታል። ከዚያው አጠገብ የፊት ነርቭ በስስ አጥንት ተሸፍኖ ያልፋል፤ ሽፋኑ ከተበላ ፊት በአንድ ወገን ሊጣመም ይችላል። ወደ ኋላ ደግሞ ከአንጎል ደም የሚመልስ ትልቅ ደም ሥር አለ፤ ኢንፌክሽኑ እዚያ ከደረሰ ደም ሊረጋ ይችላል። እነዚህ ሁሉ በጠባብ ቦታ ውስጥ ተጠጋግተው ያሉ ናቸው።

ከማልረሳቸው ታካሚዎች አንዱ በ20ዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ነበር። ኮሌስቲያቶማ እንዳለበት ተነግሮት፣ ጆሮው ስለደረቀለት ቀዶ ሕክምናውን ትቶት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ውሃ በአፉ ጥግ ፈሰሰበት፣ አንድ ዓይኑም አልከደን አለው። ቤተሰቡ ብርድ መቶት ነው ብለው በቅቤ አሹት፣ ጥቂት ቀናትም አለፉ። ከዚያ ነው የመጣው። ስንከፍተው የፊት ነርቩ ሽፋኑን አጥቶ ኪሱ በላዩ ተኝቶበታል። ኪሱን አነሣንለት። ፊቱ በወራት ውስጥ አብዛኛው ተመለሰ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሲስቅ ዛሬም ይታወቃል። ያን ዕለት ጠዋት ቢመጣ ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበረው።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን እየጠበቃችሁ ሳለ ከሚከተሉት አንዱ ቢታይ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ፊቷ በአንድ ወገን መጣመም። ዕቃ የሚያስይዝ ማዞር። ከጆሮዋ ጀርባ አብጦ ጆሮዋ ወደ ፊት መገፋት። ትኩሳት ያለበት ከባድ ራስ ምታት፣ በተለይ ከማስመለስ፣ ከአንገት መድረቅ ወይም ከመፍዘዝ ጋር። ስትደርሱ «የጆሮ ኮሌስቲያቶማ አለባት» ብለው መጀመሪያ ይናገሩ። ይህን ካልሰሙ ወባ ወይም ታይፎይድ ብቻ ሊፈልጉ ይችላሉ። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይጠይቋት፤ ጆሮዋን ስትነካ ወይም ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያለችውን ጉብታ ስትጫን ምድር ይዞርባታል? አዎ ካለች በሚዛን ቦዩ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ አትሞክሩት፤ ለሐኪሟ ንገሩት፣ ቀጠሮውን ያፋጥነዋል።

ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣታል፣ ተኝታ ነው የሚሠራላት። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከጆሮ ጀርባ ነው፤ ጠባሳው ከጆሮዋ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በጥቃቅን መሰርሰሪያ ይከፍታል፣ ኪሱን ከጣሪያው፣ ከነርቩ፣ ከእርካብ ላይ እየላቀቀ ያወጣል። ዓላማው ቁራጭ ቆዳ ሳይቀር ማንሣት ነው፤ የቀረ እንደሆነ ከዚያው እንደገና ያድጋል። ታምቡሩን ከጡንቻ ላይ በሚወሰድ ስስ ሽፋን ወይም ከጆሮዋ በሚወሰድ ቅርጭጭት ይጠግነዋል። እንደ ኪሱ ስፋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ጭንቅላቷ አይከፈትም፤ አንጎሏም አይነካም።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ሐኪሙን የትኛውን እንዳሰበ ይጠይቁት። በአንዱ የጆሮ ቦዩ የኋላ ግድግዳ ሳይነካ ይቀራል። ጆሮው እንደነበረው ይሆናል፣ በኋላ ውሃም በአብዛኛው አያስፈራውም። ጉዳቱ ኪሱ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ በልጆች ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ ከ9 እስከ 12 ወር ገደማ ቆይቶ ዳግመኛ ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ለዚህ የሚሆነው ልዩ ኤምአርአይ ባለበት ቦታ ደግሞ በእሱ ይታያል። በሌላው አሠራር ግድግዳው ይነሣና ሰፋ ያለ አንድ ክፍል ይፈጠራል። የቀረ ወይም የተመለሰ ነገር ካለ ሐኪሙ በቀጥታ ያየዋል። ጉዳቱ ያ ክፍል ራሱን በደንብ ስለማያጸዳ ዕድሜ ልክ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መታየትና መጽዳት ይፈልጋል፣ ከውሃም መጠበቅ አለበት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ቤተሰቡ በዓመቱ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በእርግጥ የሚመለስ ካልሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግድግዳው የተተወለትና ከዚያ የጠፋ ልጅ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ሲቲውን ያየውና ጆሮውን የከፈተው ሐኪም ነው፤ አንዳንዴም ከፍቶ ካየ በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል።

ስለ መስማቷ እውነቱን ልንገርዎት። የመጀመሪያው ግብ አደጋ የሌለበት ደረቅ ጆሮ ነው፤ መስማት ሁለተኛ ነው። በመስፍ ፋንታ የሚገባ ትንሽ ምትክ አለ፤ ከራሷ አጥንት ወይም ከታይታኒየም ይሠራል። አንዳንዴ በዚያው ቀን ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ግን ለሁለተኛው ዙር ይቆያል። መስማቷ ሊሻሻል ይችላል፣ ባለበት ሊቀርም ይችላል። አልሻል ካለም የመስሚያ መሣሪያ አለ። እስከዚያው አስተማሪዋን ያነጋግሩና ፊተኛው ረድፍ ላይ ቀኝ ጆሮዋ ወደ አስተማሪው እንዲሆን አድርገው ያስቀምጧት። ሽታው አሁን ስለሌለ ሰበብ አይኖራትም።

አደጋው ምንድን ነው? የፊት ነርቭ በቀዶ ሕክምናው መጎዳት ልምድ ባለው እጅ ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ጆሮው ጨርሶ መስማት የማቆሙም ዕድል በዚያው አካባቢ ነው። በምላሷ ግራ ጎን ጣዕሙ ብረት ብረት ሊላት ይችላል፤ ጣዕም የሚያደርስ ቀጭን ነርቭ በመሃለኛ ጆሮ ስለሚያልፍ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለመዳል ወይም ይጠፋል። ለጥቂት ቀናት ሊያዞራትም ይችላል። እነዚህን ባለቤትዎ ይመዝኗቸው፤ ሲመዝኑ ግን ባይደረግ የሚመጣውንም አብረው ያስቀምጡ።

ሦስት ወሩን በተመለከተ፣ ማዞርም ሆነ የፊት ለውጥ ከሌለ ዛሬ ነገ የሚባል ድንገተኛ አይደለም። ለወራት ታቅዶ መጠበቅ ይቻላል። ቀጠሮውን ግን ትምህርት ሲዘጋ ሳይሆን አሁን ያስይዙ። የጆሮ ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች ወረፋ ረጅም ነው፤ አሁን ቢመዘገቡ ተራው ክረምት ላይ ሊደርስ ይችላል፣ ያ ለእሷም ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ቢመዘገቡ ግን ሌላ የትምህርት ዓመት ይገባል። ጣሪያው የሳሳ ጆሮ ያን ያህል ባይቆይ እመርጣለሁ።

የጤና መድን ካለዎት ሪፈሩን በደረጃው፣ ከጤና ጣቢያ ጀምረው ያጽፉ፤ ሳያጽፉ በቀጥታ ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊሆን ይችላል። አዳማ ላይ የማይሠራ ከሆነ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ፣ ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። ስትሄዱ የሲቲውን ሪፖርት ብቻ አትያዙ፤ ፊልሙን ወይም ሲዲውን፣ የመስማት ምርመራውንም ወረቀት ይያዙ። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ምስሉን ነው። ይህ ስለተረሳ ብቻ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሎ ይነሣል።

እስከዚያው ጆሮዋ ውሃ አይንካው። ገላዋን ስትታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮዋ አፍ ላይ ታድርግ። ሶደሬ ሄዳ መዋኘት ለጊዜው ይቅር። አማትዎን ደግሞ አትቃወሟቸው። ጠበል መሄድ ቀዶ ሕክምናውን አይከለክልም፣ ቀዶ ሕክምናውም ጠበሉን። ትሂድ፣ ትጠመቅ፣ ትጠጣ፤ ግን ያ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጆሮዋ ላይ ይሁን፣ ውሃው ወደ ጆሮዋ በቀጥታ አይፍሰስ። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት ጭማቂ፣ የሞቀ ቅቤ የመሳሰለ ነገር አይጨመርባት። ጆሮዋ ዳግመኛ ቢመግል ሐኪሟ ያዘዘላትን ጠብታ ብቻ ይጠቀሙ። ጄንታማይሲን ያለበትን ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ፤ ታምቡሩ በተጎዳ ጆሮ ውስጥ የመስማት ሕዋሳትን ሊጎዳ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጆሮዋ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጥጥ ወይም ጨርቅ ሐኪሙ እስኪያወጣው ድረስ አትነካካው። ለተወሰኑ ሳምንታት አፍንጫዋን በኃይል አትናፈጥ፤ ማስነጠስ ከመጣባት አፏን ከፍታ ታስነጥስ። አየሩ በዚያ ቱቦ ተገፍቶ የተጠገነውን ታምቡር እንዳያነሣው ነው።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ቀኝ ጆሮዋንም በማይክሮስኮፕ እንዲያዩላት ይጠይቁ። መስማቱ ደህና መሆኑ አይበቃም። ቱቦው በግራ በኩል ካልሠራ በቀኝም ላይሠራ ይችላል፣ የቀኙም ታምቡር መሳብ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ገና ጥልቀት በሌለው ኪስ ደረጃ ከተደረሰበት በየጊዜው እያጸዱ መከታተል ወይም ትንሽ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ታምቡሩ ላይ ማኖር ሊበቃው ይችላል።